ደረቅ ቼክ ምንድን ነው? ቼኩ ሲመለስ ማን ይከፍላል፣ ቀጥሎስ ምን ይሆናል?

ቡሬ ላይ እህል የሚነግድ ሰው ቼክ መቀበል ብርቅ አይደለም። ገዢው ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር ይመጣል፣ በቆሎውን ያስጭናል፣ ቼክ ቆርጦ ይሄዳል። ብሩ ከገባ ነገሩ አለቀ። ካልገባ ደግሞ ነጋዴው እጅ ላይ የቀረችው ወረቀት «ደረቅ ቼክ» ትባላለች። በሕግ ቋንቋ «በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ» ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሰዎቹም ቁጥሮቹም የእኔ ፈጠራ ናቸው። ነጋዴው 200 ኩንታል በቆሎ በኩንታል 2,400 ብር ሸጠ። ድምሩ 480,000 ብር ነው። ገዢው ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. የተጻፈ ቼክ ሰጠው። ነጋዴው በማግስቱ ቡሬ ላይ ሂሳብ ወዳለበት ባንክ ወሰደው። ቼኩ የሌላ ባንክ ስለሆነ ብሩ እዚያው አይከፈልም። የነጋዴው ባንክ ቼኩን በክሊሪንግ ወደ ገዢው ባንክ ይልከዋል። ገዢው ሂሳብ ውስጥ የነበረው 310,000 ብር ብቻ ሆኖ ተገኘ። «ያለውን ይስጡኝና ቀሪውን እሱ ይጨምር» የሚል ሰው አይጠፋም። በተለምዶ ግን ባንኮች ቼኩን በሙሉ ይመልሱታል። ከዚያ «ጋሼ፣ ቼኩ ተመልሷል» የሚል ስልክ ይደወላል።

እዚህ ላይ ቁልፏ ነገር ቼኩ ላይ የምትያያዘው የመመለሻ ወረቀት ናት። የተመለሰበት ምክንያት ተጽፎባታል። «በቂ ገንዘብ የለም» ካለች አንድ ነገር ነው። «ፊርማው አይመሳሰልም» ወይም «በፊደልና በአሃዝ የተጻፈው አይገጥምም» ካለች ሌላ ነው። የኋለኞቹ አንዳንዴ የእጅ ስህተት ናቸው፣ አዲስ ቼክ በመጻፍ ይስተካከላሉ። «ሂሳቡ ተዘግቷል» ካለች ግን ሰውዬው ሲጽፍ ያውቅ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሳል። ስለዚህ ከባንክ ስትወጡ ቀኑ፣ ምክንያቱ፣ ማህተሙና ፊርማው መኖሩን አይታችሁ ውጡ። ከሌለ እዚያው ጠይቁ። ኋላ ላይ ዳኛው መጀመሪያ የሚያየው እሷን ነው።

ወደ ክፍያው እንምጣ። ሁለት ባንኮች ስላሉ ሁለት ቦታ ክፍያ ሊቆረጥ ይችላል። ቼኩን የጻፈው ሰው ባንክ፣ ስንቅ ሳይኖር ስለጻፈ ከሂሳቡ ቅጣት ይቆርጣል። ይሄ ፍትሐዊ ነው፣ ማንም አይቃወመውም። የሚያናድደው የተቀባዩ ነው። የእሱም ባንክ ቼኩን ለማስላክና ለመመለሱ የአገልግሎት ክፍያ ሊቆርጥ ይችላል። በቆሎውም ሄዷል፣ ብሩም አልመጣም፣ ከራሱ ሂሳብ ላይም ተነካ። መጠኑ እንደ ባንኩ ስለሚለያይ የባንኩን የታሪፍ ዝርዝር መጠየቅ ነው። ባንኩ የቆረጠበትን ወረቀት ግን አይጣለው። በንግድ ሕጉ መሠረት ቼኩ ያልተከፈለው ሰው የቼኩን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ወለዱንና በዚህ ምክንያት ያወጣውን ወጪም ከጻፈው ሰው መጠየቅ ይችላል።

ወለዱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። በ480,000 ብር ላይ በወር 3,600 ብር ይመጣል። አራት ወር ቢጓተት 14,400 ብር ማለት ነው። የባንኩ ቅጣት ከዚህ አጠገብ ኢምንት ነው። ስትደራደሩ ይህን ቁጥር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።

ብዙውን ጊዜ ቀጥሎ የሚሆነው የታወቀ ነው። ገዢው ይደወልለታል። «ሰኞ አስገባለሁ፣ ደግመህ አቅርበው» ይላል። ደግሞ ማቅረብ ይቻላል። ግን ከማቅረብ በፊት ብሩ መግባቱን የሚያሳይ ነገር መጠየቅ ይሻላል። ቼኩ እንደገና ከተመለሰ ክፍያው እንደገና ሊቆረጥ ነው። ለገዢውም አይጠቅመውም፤ ባንኮች ስንቅ የሌለው ቼክ የሚጽፉ ደንበኞችን ለብሔራዊ ባንክ ያሳውቃሉ። ደጋግሞ የተያዘ ሰው ሂሳቡ ሊዘጋ፣ ለተወሰነ ጊዜም በሌላ ባንክ ቼክ ሊከለከል ይችላል።

ከዚያ ሽማግሌ ይመጣል። ጎጃም ላይ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ሽማግሌ መቀመጡ የተለመደ ነው፣ እኔም አልቃወመውም። የማይሆነው ነገር በሽምግልናው ማግስት ዋናውን ቼክ መልሶ መስጠት ነው። «ወረቀቱን ስጠኝና በሦስት ዙር እከፍልሃለሁ» ሲባል ብዙ ሰው ይሉኝታ ይይዘዋል። አትስጡ። ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት፣ ቀኖቹን ጻፉ፣ ምስክር ይፈርም። «ይህ ስምምነት የቼኩን መብት አይተካም፤ ቼኩ የሚመለሰው ሙሉው ገንዘብ ሲከፈል ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት። ያለዚያ ሰውዬው ኋላ ላይ «ቼኩ በአዲስ ውል ተተክቷል» ብሎ ሊከራከር ይችላል።

ሽምግልናው ካልያዘ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የፍትሐ ብሔር ክስ ነው። ቼክ የገንዘብ መጠኑ የታወቀ ሰነድ ስለሆነ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊታይ ይችላል። በዚህ መንገድ ተከሳሹ ዝም ብሎ መልስ አይሰጥም። መጀመሪያ ለመከላከል ፈቃድ መጠየቅና በቂ ምክንያት ማሳየት አለበት። ሁለተኛው የወንጀል መንገድ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 በቂ ገንዘብ እንደሌለው እያወቀ ቼክ የጻፈን ሰው ይቀጣል። ቅጣቱ ቀላል እስራት ወይም እንደ ሁኔታው ከአሥር ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራት ነው፣ መቀጮም አለው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ይሮጣል፤ ዛቻው ስለሚሠራ። ሰውዬው መታሰሩ ብቻውን ግን ብሩን አያመጣም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሽምግልና ሲጎትት የሚረሳው እሱ ነው። ቼክ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ባንክ መቅረብ አለበት። ይህ የማቅረቢያ ጊዜ ካለቀ በኋላ ደግሞ በቼኩ ለመክሰስ ስድስት ወር አለ። በምሳሌያችን ነጋዴው እስከ ሐምሌ 10 ቀን 2017 ማቅረብ ነበረበት። አቅርቧል። ክስ የመመሥረቻው ጊዜ ወደ ጥር 10 ቀን 2018 አካባቢ ያልቃል። ቀኑን እስከ ጫፉ አትጠብቁት፤ ጠበቃ ዘንድ ከመስከረም በፊት ድረሱ። ካለፈም በቆሎውን በሸጡበት ውል መክሰስ ይቻል ይሆናል። ያኔ ግን ሽያጩን፣ ርክክቡንና ዋጋውን ማስረዳት የነጋዴው ሸክም ይሆናል። ስለዚህ ኩንታሎቹ ሲጫኑ የሚፈረመውን የርክክብ ደረሰኝ ከቼኩ ኮፒና ከመመለሻው ወረቀት ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ።