የፒዲኤፍ ገጽን ወደ ምስል መቀየር፤ ፒኤንጂ ወይስ ጄፔግ?

የፒዲኤፍ ገጽን ወደ ምስል መቀየር ማለት በገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ መስመርና ፎቶ ሁሉ አንድ ላይ በፒክስል መሣል ነው። ከዚያ በኋላ ፊደሉ ፊደል መሆኑ ይቀራል፤ የነጥቦች ስብስብ ይሆናል።

አማርኛ ሰነድ ላይ የሚሠራ ሰው ይህ ሥራ ቶሎ ይገጥመዋል። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የፊደሎቻችንን ቅርጽ ለላቲን ፊደል በተመደበ ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ ተሠርቶባቸዋል። በእነሱ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ሲከፈት ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ጽሑፉን ኮፒ አድርገው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይወጣል። እንዲህ ያለውን ሰነድ ለማዳን አንዱ የተለመደ መንገድ ገጹን ወደ ምስል ቀይሮ እንደ ቴሰራክት ላለ ፊደል ለቃሚ ፕሮግራም መስጠት ነው። ቴሰራክት አማርኛ ያነባል። የሚያነበው ግን ምስሉ ላይ ያለውን ብቻ ነው።

ስንት ዲፒአይ?

ፒዲኤፍ ርዝመትን የሚለካው በነጥብ ሲሆን 72 ነጥብ አንድ ኢንች ነው። ዲፒአይ ደግሞ በአንድ ኢንች ስንት ፒክስል እንደሚሣል ይናገራል። የኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ ሲሣል ወደ 2480 በ3508 ፒክስል ይመጣል።

ይህ ለፊደል ምን ማለት እንደሆነ ነ እና ኘን ወስዶ ማየት ይቻላል። ልዩነታቸው አናት ላይ ያለችው ሰረዝ ናት። ባለ 10 ነጥብ ጽሑፍ በ72 ዲፒአይ ከተሣለ አንድ ፊደል ቢበዛ 10 ፒክስል ያህል ቁመት ብቻ ያገኛል። ሰረዟና ከሥሯ ያለው ክፍተት አንድ አንድ ፒክስል ቢደርሳቸው ነው፤ አለዚያ ተጣብቀው ይቀራሉ። በ300 ግን ያው ፊደል እስከ 42 ፒክስል ያገኛል፤ ሰረዟም ክፍተቱም ለየብቻ ይታያሉ። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ዘ እና ዠም እንዲሁ ናቸው። ይህን ያህል ብዙ ቅርጽ በትንሽ ምልክት የሚለይ ፊደል ስላለን ለላቲን ጽሑፍ የሚበቃ ጥራት ሁልጊዜ ለእኛ አይበቃም። ለመደበኛ ጽሑፍ 300 ይበቃል። ለግርጌ ማስታወሻና ለጥቃቅን ጽሑፍ 400 ወይም 600 የሚመርጡ አሉ፤ ይህ እንደ ሰነዱ የሚታይ ነው።

የፖፕለር ጥቅል ውስጥ ያለው `pdftoppm` ይህን ሥራ በነጻ ይሠራል። ካልተነገረው የሚሥለው በ150 ዲፒአይ ስለሆነ ቁጥሩን ራስዎ ይስጡት፦

```
pdftoppm -r 300 -gray -png sened.pdf gets
```

እያንዳንዱ ገጽ ቁጥር እየያዘ ለብቻው ይወጣል። `-gray` ቀለም ለሌለው ገጽ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት `pdffonts sened.pdf` ብሎ `emb` የሚለውን ዓምድ ማየት ጥሩ ነው። የአማርኛው ፎንት ፊት ለፊት `no` ካለ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ የለም ማለት ነው። ኮምፒውተርዎ ላይም ከሌለ ምስሉ ራሱ በባዶ ሳጥን ወይም በላቲን ፊደል ተሞልቶ ይወጣል፤ ዲፒአይ መጨመር ይህን አያድነውም።

ሁለቱ ዓይነቶች

ጄፔግ ለፎቶ የተሠራ መስፈርት ሲሆን የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው።

የፒኤንጂ ታሪክ ሰፋ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ90ዎቹ መጀመሪያ ጂፍ በጣም የተስፋፋ የምስል ዓይነት ነበር። ጂፍ የሚጠቀምበት ኤልዜድደብልዩ የተባለ የማጨመቂያ ዘዴ ግን የዩኒሲስ ኩባንያ የባለቤትነት መብት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ ዩኒሲስና ኮምፑሰርቭ ጂፍን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ሠሪዎች ክፍያ እንደሚጠየቁ አስታወቁ። ቁጣው ብዙ አልቆየም፤ ወደ ሥራ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1995 ቶማስ ቡቴል አዲስ፣ ማንም ሳይከፍል የሚጠቀምበት የምስል ዓይነት ሐሳብ አቀረበ። በኢንተርኔት የተሰባሰቡ ባለሙያዎች አብረውት ቀረጹት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1996 የዓለም አቀፉ የድር ኅብረት ፒኤንጂን በይፋ አጸደቀው። አንዲት ፒክስል ሳትለወጥ የሚመልስ ምስል ዛሬ ሁላችንም በነጻ የምንጠቀመው በእነዚያ ሰዎች ጥረት ነው።

ልዩነታቸው እዚሁ ላይ ነው። ፒኤንጂ ምንም አይጥልም። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ በየካሬው ዓይን ብዙም አያስተውለውም የሚለውን ዝርዝር ይቀንሳል። ሰማይና የሰው ፊት ላይ ይህ ያዋጣል። ጥቁር ፊደል በነጭ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን ድንገት የሚቆረጠው ጠርዝ ነው ትልቁ ዝርዝር። ስለዚህ በፊደሉ ዙሪያ ግራጫ ብናኝ ይፈጠራል። ምስሉን አራት እጥፍ አጉልተው ነጩን ቦታ ይዩት፤ ብናኙ ካለ ጄፔግ አልፎበታል።

ፒኤንጂ ሁልጊዜ ትልቅ ነው የሚባለው ልክ አይደለም። ሳይጨመቅ የኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ በሙሉ ቀለም 26 ሜጋባይት ያህል ነው። ነገር ግን የጽሑፍ ገጽ አብዛኛው ነጭ ነው፤ ተደጋጋሚ ነገር ደግሞ ፒኤንጂ በደንብ ያጨምቃል። ብዙ ጊዜ ከ1 ሜጋባይት በታች ይወርዳል፣ ከጄፔጉም ሊያንስ ይችላል። ገጹን የሚሞላ ፎቶ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፒኤንጂው ከ10 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል። እዚያ ጄፔግ ይሻላል፦

```
pdftoppm -r 300 -jpeg -jpegopt quality=90 sened.pdf gets
```

ቀይ ቀለም ያለበት ገጽ

የጸሎት መጻሕፍት ላይ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። ጄፔግ በአብዛኛው ብርሃንን በሙሉ ጥራት ሲይዝ ቀለምን በወርድም በቁመትም በግማሽ ያሳንሳል። ጥቁሩ ጽሑፍ ቀለም ስለሌለው ብዙም አይጎዳም። ቀዩ ግን ወደ ጎን ይፈስሳል፤ ቀጫጭኑ የፊደል እግር ሐምራዊ ጥላ ይይዛል። ገጹ ላይ ጥቁሩ ጥርት ብሎ ቀዩ ብቻ ደብዘዝ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። እንዲህ ላለ መጽሐፍ ፒኤንጂን ያለ `-gray` መጠቀም ነው።

ስካን የሆነ ፒዲኤፍ

ሰነዱ ከወረቀት ስካን የተደረገ ከሆነ ውስጡ ያለው ድሮውንም ምስል ነው። መጀመሪያ ይህን ይጠይቁት፦

```
pdfimages -list sened.pdf
```

`x-ppi` በሚለው ሥር 200 ካለ በ600 መሣል ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይጨምርም። `enc` ሥር `jpeg` ካለ ደግሞ ብናኙ አስቀድሞ ገብቷል፤ ወደ ፒኤንጂ መቀየር አያጸዳውም። ይልቅ በ`pdfimages -all sened.pdf gets` የመጀመሪያውን ምስል ሳይነካ ማውጣት ይሻላል። አንዳንድ ስካነሮች ጽሑፉንና ጀርባውን በተለያየ ሽፋን ስለሚያስቀምጡ ምስሉ ተበታትኖ ሊወጣ ይችላል። ያኔ ወደ `pdftoppm` ተመልሶ በፋይሉ ዲፒአይ ልክ መሣል ነው።

የተዘጋጀው ገጽ በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። እንደ ፎቶ ከሄደ ቴሌግራም አሳንሶ በጄፔግ ያጨምቀዋል።