የኢንሱሊን ሬዚስታንስ፦ ከስኳር በሽታ በፊት ያሉት ዝምተኛ ዓመታት

የኢንሱሊን ሬዚስታንስ የሚባለው ጡንቻ፣ ጉበትና የስብ ሴሎች ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ ሲደክም ነው። ኢንሱሊኑ አልጠፋም። እንዲያውም ከወትሮው በላይ ደም ውስጥ አለ። ግን ድሮ በትንሽ መጠን ይጨርሰው የነበረውን ሥራ አሁን በብዙም አይጨርሰውም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ በጎልማሳነቱ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የጀመረውን ሰው መቼ ያዘህ ብትሉት ውጤቱን የሰማበትን ቀን ይነግራችኋል። ነገሩ የጀመረው ግን ከዚያ ቀን ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ይህ ጽሑፍ በእነዚያ ዓመታት ላይ ያተኩራል።

ጤነኛ ሰው ምሳውን ሲበላ እንጀራው ተፈጭቶ ግሉኮስ ይሆንና ደም ውስጥ ይገባል። ቆሽት ውስጥ ያሉት ቤታ ሴሎች ይህን አይተው ኢንሱሊን ይለቃሉ። ኢንሱሊኑ ሦስት ቦታ ትእዛዝ ይሰጣል። ጡንቻን ግሉኮሱን አስገባ ይለዋል። ጉበትን ስኳር ማምረትህን አቁም ይለዋል፤ ጉበት በጾም ሰዓትና ሌሊት ላይ ለአንጎል የሚሆን ስኳር እያመረተ ወደ ደም ይለቃልና። የስብ ሴሎችን ደግሞ ያከማቻችሁትን ስብ አትልቀቁ ይላቸዋል።

ጡንቻ ውስጥ የሚሆነውን ትንሽ ቀረብ ብለን እንየው። ኢንሱሊን የሴሉ ግድግዳ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ መልእክቱ ከአንዱ ፕሮቲን ወደ ሌላው እየተላለፈ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። መጨረሻ ላይ ግሉት-4 የተባሉ አስተላላፊዎች ከሴሉ ውስጥ ተነስተው ግድግዳው ላይ ይወጣሉ። ግሉኮስ የሚገባው በእነሱ በኩል ነው። ሬዚስታንስ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው መሃል ያለው ቅብብሎሽ ነው። መልእክቱ ይደርሳል፣ ግን ተዳክሞ ይደርሳል። ግድግዳው ላይ የሚወጡት ግሉት-4ዎች ያንሳሉ።

ቅብብሎሹን የሚያደክመው ምንድን ነው? በጣም የተጠናው መልስ ቦታውን የሳተ ስብ ነው። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ በራሱ ያን ያህል ክፉ አይደለም፤ ማከማቻ ነው። ችግሩ ማከማቻው ሲሞላ ነው። ያኔ ትርፉ ሆድ ዕቃ አካባቢ ሞራ ሆኖ ይቀመጣል፣ ጉበትና ጡንቻ ውስጥም ይገባል። እዚያ ከሚፈጠሩት የስብ ዓይነቶች ዳያሲልግሊሴሮል የተባለው የኢንሱሊንን መልእክት የሚያደናቅፍ ኢንዛይም ያነቃል። ሴራማይድ የተባለውን ዋናው ተጠያቂ የሚያደርጉ ተመራማሪዎችም አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። ስብ በማይገባው ቦታ መግባቱ ጉዳት እንዳለው ግን ሁለቱም ወገኖች ይስማማሉ።

ጉበት ላይ የሚገርም ነገር አለ። ሬዚስታንስ ያለበት ጉበት ስኳር ማምረትህን አቁም የሚለውን ትእዛዝ ችላ ይላል። ስብ ሥራ የሚለውን ግን መፈጸሙን ይቀጥላል። ስለዚህ ኢንሱሊን በጨመረ ቁጥር ጉበት ውስጥ ስብ ይጨምራል፤ ስቡ ደግሞ ሬዚስታንሱን ያባብሰዋል። የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ ከፍ ብሎ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች ቀድሞ የሚመጣው የኢንሱሊን መብዛት ነው፣ ሬዚስታንሱ ተከታይ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። አንዴ ከተጀመረ በኋላ ግን ሁለቱ እየተመጋገቡ ይሄዳሉ።

እንቅልፍ ማጣት፣ ለቀናት አልጋ ላይ መዋል፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችና የዘር ውርስም ሬዚስታንስ ያመጣሉ። እርግዝናም እንዲሁ፤ እሱ ግን ተፈጥሯዊ ነው።

ታዲያ ስኳሩ ለምን ወዲያው አይጨምርም? ቤታ ሴሎች ስለሚያካክሱ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሐረጎን የሚወጣ የተጫነ አይሱዙ ሾፌሩ ነዳጁን ከረገጠው ፍጥነቱን ላይቀንስ ይችላል። ፍጥነቱን ብቻ የሚያይ ሰው መንገዱ ሜዳ ይመስለዋል። የሞተሩን ጩኸት የሰማ ግን ዳገቱን ያውቃል። እኛ ጤና ጣቢያ የምንለካው ስኳር ፍጥነቱ ነው። ኢንሱሊኑ ሞተሩ ነው፤ እሱን ግን በተለመደው ምርመራ አንለካውም።

በቁጥር እንየው። ለማሳያ ያህል ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ሰው እናስብ። በ38 ዓመቱ ጭነት ክፍል ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሲያነሳና ሲጥል ይውላል። በባዶ ሆድ ስኳሩ 92፣ ኢንሱሊኑ 8 ነው። ሁለቱን አባዝቶ ለ405 ማካፈል ሆማ የሚባለውን ግምታዊ የሬዚስታንስ መለኪያ ይሰጣል። የእሱ 1.8 አካባቢ ይሆናል፤ ደህና ነው።

ከዚያ ወደ ንብረት ክፍል ተዛወረ። ወንበር ላይ ይውላል፣ ሻይው ስኳር ይበዛበታል፣ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ለቀቀ። በ43 ዓመቱ ስኳሩ 97 ነው። አሁንም ከ100 በታች ስለሆነ ውጤቱን ሰጥተው ሰላም ነህ ብለው ይሸኙታል። ኢንሱሊኑ ግን 18 ደርሷል። ሆማው 4.3 ነው። ስኳሩ 5 ነጥብ ብቻ ሲጨምር ኢንሱሊኑ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በ48 ዓመቱ ስኳሩ 112፣ ኢንሱሊኑ 22 ሆነ፤ ይህ ቅድመ ስኳር ነው። በ51 ዓመቱ ስኳሩ 149 ሆኖ ተገኘ፤ በሌላ ቀን ተደግሞም ከ126 በላይ ስለመጣ ስኳር በሽታ ተባለ።

ልብ በሉ፣ በ51 ዓመቱ ኢንሱሊኑ ወደ 14 ወርዷል። ሆማውም ከ6.1 ወደ 5.2 ዝቅ ብሏል። ለውጥ አለ ብሎ የሚደሰት ካለ ተሳስቷል። ሬዚስታንሱ አልተሻለም፤ የደከሙት ቤታ ሴሎች ናቸው። ስኳሩን ያፈነዳው የእነሱ ድካም ነው። ሬዚስታንሱ ብቻውን ቢሆን ለዓመታት ተሸፍኖ ይቆይ ነበር።

ይህ ዕውቀት የተገኘበት መንገድ በደንብ የተመዘገበ ስለሆነ ሰፋ አድርገን ብናየው አይከፋም። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ከተገኘ በኋላ ብዙ ሰው የስኳር በሽታ ሁሉ የኢንሱሊን እጥረት ነው ብሎ ያምን ነበር። ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሃሮልድ ሂምስወርዝ ግን ታካሚዎቹ አንድ ዓይነት አልመስል አሉት። ግሉኮስና ኢንሱሊን አንድ ላይ ሰጥቶ ደማቸውን ተከታተለ። የአንዳንዶቹ ስኳር ተያዘ፤ የሌሎቹ ግን ኢንሱሊኑ እያለም ወደ ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1936 በሽታው ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ለኢንሱሊን ምላሽ የሚሰጥ፣ ሌላው የማይሰጥ ብሎ ጻፈ።

ለማረጋገጥ ግን ደም ውስጥ ያለውን ኢንሱሊን መለካት ያስፈልግ ነበር፤ መጠኑ ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። ይህን የፈቱት ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሮዛሊን ያሎውና ሰለሞን በርሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በራዲዮአክቲቭ አዮዲን የታገዘ መለኪያ ሠሩ። በጎልማሳነታቸው ስኳር የያዛቸውን ሰዎች ሲለኩ ኢንሱሊናቸው አልጠፋም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ከጤነኛው በላይ ነበራቸው። ያሎው በዚህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1977 ኖቤል ተሸለመች። በርሰን ግን ቀድሞ ስላረፈ ሽልማቱን አልተጋራም።

ሬዚስታንሱ ስለመቅደሙ ጠንካራ ማስረጃ የመጣው ጤነኞችን ለዓመታት ከተከታተሉ ጥናቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ የቦስተን ጥናት ሁለቱም ወላጆቻቸው ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸውን ጤነኛ ልጆች ተከታትሎ፣ በኋላ የታመሙት ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ሬዚስታንስ እንደነበራቸው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የእንግሊዝ ኋይትሆል ጥናት ደግሞ ከ6,500 በላይ የመንግሥት ሠራተኞችን ተከተለ። በኋላ በታመሙት ላይ ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ በመጨረሻዎቹ 5 ዓመታት በፍጥነት ወረደ። የጾም ስኳራቸው ተወርውሮ የወጣው ግን በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ነው። ቤታ ሴሎች መጀመሪያ ሥራቸውን ጨመሩ፣ ከዚያ ተልፈሰፈሱ።

ሬዚስታንስ ያለበት ሰው ሁሉ ግን ስኳር አይዘውም። ቆሽቱ ጠንካራ ከሆነ ዕድሜውን ሙሉ እያካካሰ ሊኖር ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው የቤታ ሴሎች ስንቅ ነው። እዚህ ላይ የወሎ ታሪክ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1992 እንግሊዛውያኑ ተመራማሪዎች ሄልስና ባርከር ማኅፀን ውስጥ የተራበ ልጅ ቆሽቱ በሚገባ ሳያድግ ይቀራል፣ በኋላ ምግብ ሲበዛለት ይከብደዋል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 በሆላንድ ረሃብ ጊዜ ማኅፀን ውስጥ የነበሩ ሰዎች በጎልማሳነታቸው ሲመረመሩ ግሉኮስ ከጠጡ በኋላ ስኳራቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኘ። የእኛ የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ልጆች አሁን በሽታው በሚታይበት ዕድሜ ላይ ናቸው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ሳይወፍሩ ስኳር የሚገኝባቸውን ጎልማሶች ሳይ ይህ በእርግጠኝነት አንዱ ምክንያት ነው ማለት አልችልም፤ ግን ከሐሳቤ አይወጣም። ከአፋር ድረስ ታካሚ የሚቀበለው የደሴ ሆስፒታልና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ይህን ለማጥናት ከማንም የተሻለ ቦታ ላይ ናቸው።

ኢንሱሊን ሳይለካ ሬዚስታንስን መጠርጠር ይቻላል። መጀመሪያ ወገብን መለካት ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። እምብርት አካባቢ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ያሳስባል። ሁለተኛው አንገት ነው። ከኋላ በኩል ቆዳው ጠቁሮ፣ ወፈር ብሎ፣ እንደ ከፋይ ለስላሳ ሲሆን ብዙ ሰው እድፍ መስሎት በሳሙና ይፈትገዋል። አይለቅም፤ የበዛው ኢንሱሊን የቆዳ ሴሎችን ሲያበዛ የሚመጣ ነው። ብብትም ላይ ይታያል። ከ150 በላይ የሆነ ትራይግሊሰራይድና በእርግዝና ጊዜ ታይቶ የነበረ ስኳርም ምልክቶች ናቸው። የድሮ የምርመራ ወረቀቶችን አለመጣልም ይጠቅማል። 97 ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከ5 ዓመት በፊት 85 ከነበረ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ጡንቻ ሲሠራ ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝም ግሉት-4ን ወደ ግድግዳው ያወጣል። ከምሳ በኋላ ጥቂት መራመድ ሬዚስታንስ ላለበት ሰው የሚሠራው በዚህ አቋራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአሜሪካ ጥናት ቅድመ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱና ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱ አድርጎ፣ በሦስት ዓመት ገደማ ወደ በሽታው የሚያልፉትን በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒት የቀነሰው በ31 በመቶ ነው። በሽታው ከመጣ በኋላም ብዙ ክብደት በመቀነስ ስኳራቸው ያለ መድኃኒት ወደ ልኩ የተመለሰላቸው አሉ፤ ይህ በብዛት የታየው ግን በሽታው ከተገኘ ጥቂት ዓመት በሆናቸው ላይ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ በቆየው ላይ ስቡ ቢወጣም ቤታ ሴሎቹ የሚነሱት ከስንት አንዴ ነው።