ሳህኑ ላይ ያደገው ኮሎኒ ምን ያረጋግጣል? ጂንን ወደ ፕላዝሚድ ስለማስገባት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጂኑንም ፕላዝሚዱንም በአንድ ኢንዛይም ከቆረጥኩ በቂ ነው፤ ጫፎቹ ስለሚገጣጠሙ ጂኑ ቦታውን ይይዛል።»

እውነታው፦ ፕላዝሚድ በባክቴሪያ ውስጥ የሚባዛ ትንሽ ክብ ዲኤንኤ ነው፤ ሲቆረጥ ክቡ ይከፈታል። ጫፎቹ በእርግጥ ይገጣጠማሉ፤ ችግሩ እርስ በርሳቸው ያለ ልዩነት የሚገጣጠሙ መሆናቸው ነው። ኢኮ-አር-ዋን የተባለው ሬስትሪክሽን ኢንዛይም GAATTC የሚለውን ቅደም ተከተል ባገኘበት ቦታ ሁሉ ከ G ቀጥሎ ስለሚቆርጥ፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ AATT የሚል አራት ቤዝ ያለው ነጠላ ክር ተንጠልጥሎ ይቀራል። የፕላዝሚዱ አንድ ጫፍ ከጂኑ ጋር መጣመር የሚችለውን ያህል ከራሱ ሌላኛ ጫፍ ጋርም መጣመር ይችላል፤ ሁለቱ ጫፎች በአንድ ሞለኪውል ላይ ስለሚገኙም በቀላሉ ይገናኛሉ። ስለዚህ ብዙው ፕላዝሚድ ጂኑን ሳይይዝ ተመልሶ ይዘጋል፤ ጂኑን የያዘውም ቢሆን በግማሽ ያህሉ ጂኑ ተገልብጦ የገባበት ይሆናል።

መፍትሔው ሁለት የተለያዩ ኢንዛይሞችን መጠቀም ነው። ለምሳሌ ርዝመቱ 720 ቤዝ ጥንድ የሆነ ጂን 2686 ቤዝ ጥንድ ወዳለው ፒዩሲ19 ፕላዝሚድ እናስገባ እንበል። አንዱን ጫፍ በኢኮ-አር-ዋን፣ ሌላኛውን AGCT የሚል ጫፍ በሚተወው ሂንድ-ስሪ ብንቆርጥ፣ ሁለቱ የፕላዝሚድ ጫፎች እርስ በርሳቸው አይጣመሩም፤ ጂኑም የሚገባው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሆናል። በዚህ ፕላዝሚድ ላይ የጂን ንባብ የሚያስጀምረው ፕሮሞተር ያለው በሂንድ-ስሪ በኩል ስለሆነ፣ በዚያ ፕሮሞተር እንዲነበብ የተፈለገ ጂን መነሻው በዚያ በኩል መሆን አለበት። በጂኑ ውስጥ የሁለቱም ኢንዛይሞች መቁረጫ ቦታ አለመኖሩን አስቀድሞ ማየትም ግድ ነው፤ አለበለዚያ ጂኑ ራሱ ይቆራረጣል።

አንድ ወጥመድ ግን ይቀራል። በፒዩሲ19 ላይ ሁለቱ መቁረጫ ቦታዎች የሚራራቁት በ50 ቤዝ ጥንድ ገደማ ብቻ ነው። አንደኛው ኢንዛይም ባይሠራና ፕላዝሚዱ በአንድ ቦታ ብቻ ቢቆረጥ፣ ዲኤንኤን በርዝመቱ በሚለየው በተለመደው የአጋሮዝ ጄል ላይ በሁለቱም ቦታ ከተቆረጠው ለይቶ ማየት አይቻልም። በአንድ ቦታ ብቻ የተቆረጠው ደግሞ ጫፎችን የሚያያይዘው ኢንዛይም፣ ላይጌዝ፣ ሲጨመርበት ተመልሶ ይዘጋል።

«ላይጌዝ ትክክለኛዎቹን ጫፎች መርጦ ያያይዛል፤ ጂኑን አብዝቼ ከጨመርኩ ደግሞ ይበልጥ ይሳካል።»

እውነታው፦ ላይጌዝ የትኛው ክፍል ከየት እንደመጣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሥራው ጎን ለጎን የመጡትን የፎስፌትና የሃይድሮክሲል ጫፎች በኤቲፒ ጉልበት ማያያዝ ብቻ ነው፤ ጥንዶቹን የሚያገናኘው የቤዞቹ መጣመር ነው። አራት ቤዝ ብቻ ያለው ጥምረት ደካማ ስለሆነ በሙቀት ቶሎ ይፈታል፤ ኢንዛይሙ ግን በቅዝቃዜ ይዘገያል። በ16 ዲግሪ ሴልሺየስ ሌሊቱን ማሳደር የተለመደው ሁለቱን ለማስታረቅ ነው። ኤቲፒው የሚገኘው ኢንዛይሙ በሚሠራበት ፈሳሽ፣ በበፈሩ፣ ውስጥ በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ የቀዘቀዘና የቀለጠ በፈር ኢንዛይሙ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሙከራውን ሊያከሽፈው ይችላል።

መጠኑን በተመለከተ፣ የሚቆጠረው ክብደት ሳይሆን የሞለኪውሎች ብዛት ነው። የተለመደው ጥምርታ ለአንድ ፕላዝሚድ ሦስት ጂን ነው፤ ለ50 ናኖግራም ፕላዝሚድ በእኛ ምሳሌ የሚያስፈልገው 50 × (720 ÷ 2686) × 3፣ ማለትም 40 ናኖግራም ያህል ጂን ነው። ከመጠን በላይ ሲበዛ የፕላዝሚዱ ሁለት ጫፎች በሁለት የተለያዩ የጂን ቅጂዎች ይያዙና ክቡ ሳይዘጋ ይቀራል።

«አምፒሲሊኑ ባክቴሪያው ፕላዝሚዱን እንዲቀበል ይገፋፋዋል።»

እውነታው፦ ባክቴሪያው አምፒሲሊኑን ሲያገኝ ፕላዝሚዱ ገብቶ አብቅቷል። ዲኤንኤው የሚገባው በካልሲየም ክሎራይድ በተዘጋጁት ሕዋሳት ውስጥ፣ ከበረዶ ወጥተው ለ45 ሰከንድ ያህል በ42 ዲግሪ ሲሞቁ ነው፤ የሚቀበሉትም ከሕዋሳቱ እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለ አንቲባዮቲክ በ37 ዲግሪ የሚሰጣቸው አንድ ሰዓት አምፒሲሊንን የሚሰባብረውን ቤታ-ላክታሜዝ ለማምረት የሚያስፈልጋቸው ጊዜ ነው። አምፒሲሊኑ ያልተቀበሉትን ከማስወገድ ያለፈ ሚና የለውም።

«አምፒሲሊን ባለበት ሳህን ላይ ያደገ ኮሎኒ ሁሉ ጂኔን ይዟል።»

እውነታው፦ አምፒሲሊንን የሚቋቋመው ጂን የፕላዝሚዱ ነው፤ ስለዚህ ባዶውን ፕላዝሚድ የያዘ ባክቴሪያም እኩል ያድጋል። በእኔ ግምት በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚባክነው ይህ በመዘንጋቱ ነው።

ያልተቆረጠ ጥቂት ፕላዝሚድ ምን ያህል እንደሚያሳስት እናስላ። 50 ናኖግራም ፕላዝሚድ ካለበት 20 ማይክሮሊትር ውህድ 2 ማይክሮሊትር ወደ ሕዋሳቱ ብንጨምር፣ የገባው ፕላዝሚድ 5 ናኖግራም ነው። ከዚህ 1 ከመቶው ሳይቆረጥ ቢቀር 0.05 ናኖግራም ይሆናል። ሕዋሳቱ ከአንድ ማይክሮግራም ፕላዝሚድ 10 ሚሊዮን ኮሎኒ የሚሰጡ ከሆነ፣ ይህች ቅንጣት ብቻዋን 500 ኮሎኒ ታስገኛለች፤ ከሕዋሳቱ አንድ አሥረኛው ሳህኑ ላይ ቢፈስ እንኳ 50 ይታያሉ። በጄሉ ላይ ግን የ1 ከመቶው ምልክት ላይታይ ይችላል።

ይህን የሚለዩት የቁጥጥር ሳህኖች ናቸው። የተቆረጠው ፕላዝሚድ ያለ ላይጌዝ የገባበት ሳህን ያልተቆረጠውን ያሳያል፤ ላይጌዝ ተጨምሮበት ጂን ያልተጨመረበት ደግሞ ተመልሶ የተዘጋውን ይደምርበታል። በመጀመሪያው 50፣ በሁለተኛው 60፣ ጂኑ ባለበት ሳህን ደግሞ 300 ኮሎኒ ቢወጣ፣ ከአምስቱ አራቱ ያህል ጂኑን የያዙ እንደሚሆኑ መጠበቅ ይቻላል። በሦስተኛው ሳህን የወጣው 70 ብቻ ከሆነ ግን አብዛኛው ባዶ ነውና ኮሎኒ ከመልቀም ይልቅ ወደ ቆረጣው መመለስ ይሻላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ ከበለጠ፣ ለምሳሌ 50 እና 400 ከሆነ፣ ከሁለቱ ኢንዛይሞች አንዱ አልሠራም ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ፕላዝሚድ ያልተሰጣቸው ሕዋሳት በአምፒሲሊን ሳህን ላይ ካደጉ ደግሞ አንቲባዮቲኩ ራሱ ኃይሉን አጥቷል።

በትልቅ ኮሎኒ ዙሪያ የሚፈሉት ጥቃቅን ኮሎኒዎች አይለቀሙም። ትልቁ ወደ አጋሩ የሚያፈስሰው ቤታ-ላክታሜዝ በዙሪያው ያለውን አምፒሲሊን ስለሚያጠፋው፣ ፕላዝሚድ የሌላቸው ሕዋሳት በዚያ ጥላ ሥር ያድጋሉ። ሳህኑ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቢወጣ ይቀንሳሉ።

«ኤክስ-ጋል ባለበት ሳህን ላይ ኮሎኒው ነጭ ከሆነ ሥራው ተጠናቋል።»

እውነታው፦ ነጭነት የሚነግረን ኤክስ-ጋልን ሰብሮ ሰማያዊ ቀለም የሚያወጣው ኢንዛይም አለመሥራቱን ነው። መቁረጫ ቦታዎቹ ያሉት ለዚህ ኢንዛይም ክፍል በሆነው ጂን ውስጥ ስለሆነ የኛ ጂን ሲገባ ይበላሻል፤ ነገር ግን የፕላዝሚዱ ጫፎች ተሸርሽረው ቢዘጉ ወይም ሌላ ቁራጭ ቢገባም እንዲሁ ይበላሻል። ስለዚህ ከጥቂት ነጭ ኮሎኒዎች ፕላዝሚዱ ተጣርቶ በእነዚያው ሁለት ኢንዛይሞች ይቆረጣል፤ በጄሉ ላይ በ2600 እና በ720 ቤዝ ጥንድ አካባቢ ሁለት መስመሮች መታየት አለባቸው። ጂኑ በፒሲአር የተባዛ ከሆነ ግን ትክክለኛ ርዝመት ያለው ቁራጭም የተለወጠ ቤዝ ሊኖረው ይችላል፤ ይህን የሚያሳየው ጄሉ ሳይሆን ሁለቱን መገጣጠሚያዎች ጨምሮ ከዳር እስከ ዳር የተነበበ የቤዝ ቅደም ተከተል ነው።