ከመጨረሻው ቃለ መጠይቅ በኋላ የሚላክ አጭር የውጤት መጠየቂያ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ አንጻር

የውጤት መጠየቂያ አመልካቹ የመጨረሻውን ቃለ መጠይቅ ጨርሶ ጽሕፈት ቤቱ ዝም ሲልበት የሚልካት ሦስት አራት መስመር መልእክት ናት። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጉዳዩ የት ደረሰ? «አለፍኩ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው። እሱ ተቀባዩ ገና የማያውቀውን ወይም እንዲናገር ያልተፈቀደለትን ነገር ከአፉ ማውጣት ስለሆነ፣ ችክ የማለት ስሜት የሚመጣውም ከዚያ ነው።

በወሎ ነገሩ እንደ ቀጣሪው ይለያያል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጤት አብዛኛውን ጊዜ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል። ስለዚህ መልእክት ከመላክ ሰሌዳውን ማየት ይቀላል። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ብዙ ጊዜ ስልክ ያዋጣል። መልእክቷ በደንብ የምትሠራው ደሴ ላይ ቅርንጫፍ፣ አዲስ አበባ ላይ ዋና መሥሪያ ቤት ባላቸው ድርጅቶች ዘንድ ነው።

እንዲህ ባሉ ድርጅቶች ዝምታው ምክንያት አለው። ፈታኞቹ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይፈርማሉ፣ ወረቀቱ ለማጽደቅ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከዚያ የቀድሞ አሠሪ ይጠየቃል፣ አንደኛ ለወጣው ጥሪ ይደረጋል። አንደኛው እስኪፈርም ሁለተኛው በተጠባባቂነት ይያዛል፤ ብዙ ጊዜ ይህ አይነገረውም። ስለዚህ የዘገየ መልስ ሁሉ «ወድቀሃል» ማለት አይደለም። ሰኔ ላይ ደግሞ የመንግሥት በጀት ዓመት ስለሚዘጋ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚደረግ ቅጥር ወደ ሐምሌ ቢንሸራተት አይገርምም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት የምትሠራ ሴት ደሴ ላለ ድርጅት ተወዳደረች እንበል። የመጨረሻው ቃለ መጠይቅ ማክሰኞ ኅዳር 10 ነበር። «በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እናሳውቃለን» ተባለች። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም፤ ቆጠራው ከረቡዕ ኅዳር 11 ይጀምርና ማክሰኞ ኅዳር 24 ያልቃል። በማግስቱ መጻፍ ደቂቃ ስትቆጥር የነበረች ያስመስላታል። ሐሙስ ኅዳር 26 ጠዋት፣ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ላይ ብትልክ ጥሩ ነው። ሰኞ ጠዋት በስብሰባ ያልፋል። ዓርብ ደግሞ የጁምዓ ሰዓት ስላለ የምሳው እረፍት ይረዝማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰው ልቡ ቤቱ ነው።

የምትጽፈው ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ኅዳር 10 ለፋይናንስ ኦፊሰር የሥራ መደብ ደሴ ጽሕፈት ቤት ቀርቤ የመጨረሻውን ቃለ መጠይቅ ማድረጌ ይታወሳል። የቅጥሩ ሂደት ምን ደረጃ ላይ እንደሆነና መቼ ገደማ ውሳኔ እንደሚጠበቅ ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ። ተጨማሪ ማስረጃ ካስፈለገ አቀርባለሁ። ከአክብሮት ጋር» ከታች ሙሉ ስምና ስልክ።

የሥራ መደቡና ቀኑ መጻፋቸው ትልቅ ነገር ነው። ተቀባይዋ በአንድ ጊዜ አራት አምስት መደብ ይዛ ይሆናል፤ ፋይል እንድታገላብጥ ካደረግናት መልሱ ለነገ ያድራል። ተቀባይዋ ወጣት ብትሆንም «እርስዎ» አይቀርም። «እባክዎ በአስቸኳይ»፣ «እስካሁን ለምን አልተገለጸልኝም» እና የሦስት ጥያቄ ምልክት ሰልፍ ግን ይቅሩ።

አንድ መስመር መጨመር ይቻላል፤ እውነት ከሆነ ብቻ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። «አሁን ላለሁበት መሥሪያ ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ስለምሰጥ ለዕቅድዎ እንዲረዳ አሳውቃለሁ» ማለት ለቀጣሪውም መረጃ ነው። «ሌላ ቦታ ጠርተውኛል» የሚለው የውሸት ማስፈራሪያ ግን «እንግዲያው መልካም ዕድል» የሚል መልስ ሊያመጣ ይችላል። የቅጥር ደብዳቤ እጅ ሳይገባም ያለውን ሥራ መልቀቅ አይታሰብም።

መልሱን ማንበብም ሥራ ነው። «እስከ ታኅሣሥ 5 እናሳውቃለን» ከተባለ እስከዚያ ዝም ማለት ነው። ስልክ ደውላ «አብሽሪ፣ እንደውላለን» ብቻ ከተባለች ቀን አልተሰጣትም፤ «ከሚቀጥለው ሳምንት በኋላ ልጠይቅ?» ማለት ትችላለች። ጭራሽ መልስ ከጠፋ ከሳምንት በኋላ አንድ አጭር ማስታወሻ ይበቃል። ሦስተኛው ያስቆጣል እንጂ አያፈጥንም።

በደሴ የሚከብደው ሌላው ነገር ከተማው ሰው ለሰው የሚተዋወቅበት መሆኑ ነው። ፈታኙን ፒያሳ ካፌ ውስጥ ብታገኘው ሰላም ብሎ ማለፍ ይሻላል። እዚያ መጠየቅ ሰውየውን በጓደኞቹ ፊት ያስጨንቀዋል። ውስጥ ያለ ዘመድ ልኮ «እስቲ ጠይቅልኝ» ማለት ደግሞ የባሰ ነው። በነጥቧ ብታልፍ እንኳ «በዘመድ ነው» የሚል ወሬ ይከተላታል፤ ወሬውን የፈራ ፈታኝም ቃለ ጉባኤው ላይ ለመፈረም ያመነታል።