ሽያጭ ሲያድግ ስንት ሰው፣ መቼ፣ በስንት ብር? የአንድ ጅማ ዳቦ ቤት ሒሳብ

«ሽያጬ በ30 በመቶ አድጓል፤ ሠራተኛም በዚያው ልክ መጨመር አለብኝ።»

ያደገው ብሩ ነው ወይስ ዳቦው? ጅማ ውስጥ የአነስተኛ ድርጅቶችን የደመወዝ መዝገብ ስሠራ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ያስደነግጠዋል። አንድ ዳቦ ቤት እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት እንዲመቹ አስተካክያቸዋለሁ። ከአንድ ዓመት ወዲህ በብር የተመዘገበው ሽያጭ በ30 በመቶ ጨምሯል። በዚያው ዓመት ግን የዳቦው ዋጋ በ20 በመቶ ከፍ ብሏል። 1.30ን ለ1.20 ስናካፍል 1.08 ገደማ ይወጣል። ስለዚህ በእርግጥ የተጋገረው ዳቦ ያደገው በ8 በመቶ ብቻ ነው፤ ቀድሞ አንድ ኩንታል ዱቄት ይቦካ በነበረበት ዛሬ 1.08 ኩንታል ገደማ ይቦካል ማለት ነው። የሠራተኛ ክንድ የሚደክመው በኩንታሉ እንጂ በብሩ አይደለም።

ለዚህ ነው የሰው ኃይል እቅድ በብር ሳይሆን በሥራ መለኪያ የሚጀምረው። ለዳቦ ቤት መለኪያው የዱቄት ኩንታል ነው፤ ለልብስ ስፌት ቤት የተሰፋ ልብስ፣ ለቡና ቆዪ የተቆላ ኪሎ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ዳቦ ቤት ሠራተኞች 11 ናቸው፤ አራቱ ሊጥ ላይ፣ ሁለቱ ምድጃ ላይ፣ ሦስቱ ሽያጭ ላይ፣ አንዱ ሒሳብና መጋዘን፣ አንዷ ጽዳት። የእነዚህ ክፍሎች አቅም አንድ ላይ አይሞላም። ሊጥ ላይ ያሉት አራቱ በቀን እስከ 7 ኩንታል ድረስ ያቦካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ያድቦለቡላሉ። ምድጃው ደግሞ እስከ 9 ኩንታል ይችላል። የሻጮቹ ጭንቀት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። እንግዲህ 8 በመቶ ስላደገ በእያንዳንዱ ክፍል ሩብና ሲሶ ሰው መጨመር አይቻልም። ሰው የሚጨመረው መጀመሪያ በሚሞላው ክፍል ነው፤ እሱም እንደ ደረጃ እንጂ እንደ ዳገት አይወጣም።

የትኛው ክፍል እንደሞላ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ንጋት ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። ምድጃው ግሎ ባዶውን ከጠበቀ፣ ሊጡም ቆራጭ አጥቶ ከልኩ በላይ ኩፍ ብሎ ዳቦው ከኮመጠጠ የጎደለው ሊጥ ላይ ነው። ድቡልቡሉ በሳህን ተደርድሮ ምድጃ ደጅ ወረፋ ከያዘ ሰው ቢጨመርም ጥቅም የለውም፤ የጠበበው ምድጃው ነው። መደርደሪያው ሞልቶ ገዢ ከተሰለፈ ጉድለቱ ሽያጭ ላይ ነው። በረመዳን እንዲያውም የዳቦው መጠን ብዙም ሳይለወጥ ሰልፉ ከጠዋት ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት ዋዜማ ይዞራል። ያኔ የሚያስፈልገው የሻጮችን ፈረቃ ማዛወር እንጂ ቅጥር አይደለም።

«ሽያጩ ሲመጣ ያኔ እቀጥራለሁ።»

ሰው በመጣ ቀን አይሠራም። በዚህ ዳቦ ቤት ሊጥ ላይ የሚሠራ ሰው ለማግኘት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ለሚያውቁ ይነገራል፣ ሁለት ሦስት ሰው ለአንድ ንጋት ይሞከራል። ከዚያ እጁ ከሌሎቹ ፍጥነት ጋር እስኪገጥም አምስት ሳምንት ያስፈልገዋል። በድምሩ ስምንት ሳምንት ነው። ዳቦ ቤቱ 7 ኩንታል በሞላበት ቀን ፍለጋ የሚጀምር ባለቤት ለሁለት ወር ገዢ ይመልሳል፤ ወይም አራቱን ነባር ሠራተኞች በትርፍ ሰዓት ያደክማል።

ስለዚህ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይቆጠራል። የጅማ ገበያ ከመስከረም በኋላ በሁለት ነገር ይሞቃል፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ይመለሳል፣ ቡና ለቀማው ሲጀመር በአካባቢው ገንዘብ ይዘዋወራል። የዳቦ ቤቱ ግምት በጥቅምት በቀን 6 ሩብ ኩንታል፣ በኅዳር 6 ተኩል፣ በታኅሣሥ 6 ከሦስት ሩብ፣ በጥር 7 ነው። አምስተኛው የሊጥ ሠራተኛ በጥር ብቁ ሆኖ እንዲገኝ ፍለጋው በኅዳር አጋማሽ መጀመር አለበት። ያኔ የሚቦካው 6 ተኩል ኩንታል ነው።

እቅዱ ላይ ግን «ኅዳር 15 ሰው ይቀጠር» ብዬ አልጽፍም። የምጽፈው «በቀን የሚቦካው ዱቄት ሁለት ሳምንት በተከታታይ 6 ተኩል ኩንታል ሲደርስ ፍለጋ ይጀመር» ብዬ ነው። ሁለት ሳምንት ያልኩት የአንድ ሠርግ ትእዛዝ ወይም የበዓል ሰሞን ሽሚያ እንዳያታልለን ነው። ግምቱ ከተሳሳተና 6 ተኩል የተደረሰው በየካቲት ከሆነ ቅጥሩም አብሮ ይገፋል፤ በወር ወደ 10 ሺህ ብር የሚጠጋ ወጪም ከመምጣቱ በፊት ይቆማል። በጥቅምት ከተደረሰ ደግሞ ቀኑን ሳንጠብቅ እንጀምራለን። ቀኑ ለገንዘብ ግምት ያገለግላል፤ ለውሳኔ የሚያገለግለው ኩንታሉ ነው።

ከ9 ኩንታል በላይ ያለው ሌላ ጉዳይ ነው። ያ የምድጃ ወይም የሁለተኛ ፈረቃ ውሳኔ ስለሆነ በዚህ እቅድ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሰው ሆኖ መግባት የለበትም።

«ለልጁ 7 ሺህ ብር እሰጠዋለሁ፤ ወጪዬ 7 ሺህ ነው።»

ለሠራተኛው እጅ የሚገባውና ከድርጅቱ የሚወጣው አንድ አይደሉም። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳውም ቅጥር ሲፈጸም ስለ የትኛው እንደተነጋገሩ ስለማይለይ ነው።

ያልተጣራ የወር ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ 9,000 ብር የ25 በመቶ እርከን ውስጥ ይወድቃል። የ25 በመቶው 2,250 ብር ነው፤ ለዚህ እርከን የተፈቀደው ተቀናሽ 850 ብር ሲነሳለት ግብሩ 1,400 ብር ይሆናል። ሠራተኛው ለጡረታ 7 በመቶ ማለትም 630 ብር ያዋጣል። እጁ የሚገባው 6,970 ብር ነው። አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ማለትም 990 ብር ለጡረታ ይጨምራል። ስለዚህ ወደ 7 ሺህ ብር የሚጠጋ ለሚቀበል ሠራተኛ ከድርጅቱ የሚወጣው 9,990 ብር ነው። በአፍ ውል የተስማሙት ስለ «7 ሺህ በእጅ» ከሆነና ባለቤቱ ያቀደው 7 ሺህ ብቻ ከሆነ በየወሩ ወደ 3 ሺህ ብር ያልታየ ጉድጓድ አለ።

አሁን የደመወዝ እቅዱን ሠንጠረዥ በሰው ስም ሳይሆን በሥራ መደብ እንሙላ። ለአምስተኛው የሊጥ ሠራተኛ አንድ መስመር ይከፈታል። ቅጥሩ በታኅሣሥ መጀመሪያ ከሆነ እስከ ሰኔ መጨረሻ ሰባት ወር አለ፤ 9,990 በ7 ሲባዛ 69,930 ብር ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ደመወዝ፣ ከ11 ሺህ ብር የማያንስ፣ ልምምድ ላይ ለዋለ እጅ የሚከፈል ስለሆነ ከምርት መልስ አይጠበቅበትም።

ይህን ደመወዝ የሚከፍለው ግን የሽያጩ ጠቅላላ ብር አይደለም። ዱቄት፣ እርሾ፣ ኤሌክትሪክና ማገዶ ከተነሳ በኋላ በዚህ ዳቦ ቤት ከአንድ ኩንታል 2,000 ብር ገደማ ይተርፋል እንበል። 9,990 ለ2,000 ሲካፈል ወደ 5 ኩንታል ይሆናል። አዲሱ ሰው ራሱን የሚችለው ዳቦ ቤቱ ያለ እሱ ሊሠራ ከሚችለው በላይ በወር ቢያንስ 5 ኩንታል፣ ማለትም በቀን አንድ ስድስተኛ ኩንታል ገደማ ሲጨምር ነው። ከ7 ኩንታል በታች ያለው ጭማሪ በነባሮቹ እጅ ስለሚሠራ ለእሱ ደመወዝ አይቆጠርለትም። የትርፉን መጠን ሳያውቅ በሽያጭ እድገት ብቻ ቅጥር የሚወስን ሰው እዚህ ላይ ይስታል።

«የዓመቱ ደመወዝ የወሩን በ12 ማባዛት ነው።»

ለቢሮ ምናልባት ይቀራረብ ይሆናል፤ ለዳቦ ቤት አይሆንም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ያገኛል። 11 ሠራተኞች በትንሹ 176 የሥራ ቀን ማለት ነው፤ ይህም የአንድ ሰው የዓመት ሥራ ከግማሽ በላይ ነው። ፈቃዱን ተማሪው ከተማውን በሚለቅበት ክረምት ላይ መመደብ ከተቻለ ተተኪ ሳይቀጠር ይታለፋል። ሁሉም በጥርና በየካቲት ልውጣ ካለ ግን ተተኪ በሠንጠረዡ ላይ መኖር አለበት።

ትርፍ ሰዓቱም አለ። የወር ደመወዝ 9,000 ብር በልማድ ለ208 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 43 ብር ከ27 ሳንቲም ይወጣል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75፣ በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራው በ2.5 ይባዛል። ሊጥ የሚቦካው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ ዳቦ ቤቱ ትርፍ ሰዓት ሲያሠራ የሚከፍለው በአብዛኛው የሌሊቱን፣ ማለትም ለአንድ ሰዓት ወደ 76 ብር ነው። መደበኛ ፈረቃው ሌሊት ስለሆነ ብቻ ግን 1.75 አይከፈልም፤ ይህን የሚያደባልቁ ሁለት ወገኖች አይቻለሁ፣ አንዱ አሠሪ፣ ሌላው ሠራተኛ። አዋጁ ትርፍ ሰዓትን በሳምንት 12 ሰዓት ላይ ስለሚገድብ አዲሱ ሠራተኛ እስኪለምድ ያለውን ጊዜ በትርፍ ሰዓት መሸፈን የሚቻለውም እስከዚያ ድረስ ነው።

«ሽያጩ ቢወርድ በሙከራ ጊዜ ላይ ስለሆነ አሰናብተዋለሁ።»

የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ ነው፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚፈቀደው ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ ነው። ገበያ መውረዱ የሠራተኛው ብቃት ጉድለት አይደለም፤ በዚያ ምክንያት ማሰናበት ከክርክር አያድንም። የሙከራ ጊዜውም በጽሑፍ ካልተስማሙበት የለም። ጊዜያዊ ግፊት እንደሆነ አስቀድሞ ከታወቀ፣ ለምሳሌ ለአንድ በዓል ሰሞን ትእዛዝ ከሆነ፣ ውሉ ከመጀመሪያው ለዚያ ሥራና ለዚያ ጊዜ ተብሎ ይጻፍ። እኔ በሠንጠረዡ ላይ እንዲህ ያለውን ከቋሚው መስመር ለይቼ በሌላ ረድፍ አስቀምጠዋለሁ፤ በጥር ሲታይ የትኛው ሰው እንደሚቀጥል የትኛው እንደሚያበቃ እንዳያደናግር።