ወደ ባንኬ አላወጣሁም ማለት ታክስ የለብኝም ማለት አይደለም

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አክሲዮን ከምሸጥበት አፕ አንድም ዶላር ወደ ባንኬ አላወጣሁም። ታክሱ ከየት መጣ?»

ከሽያጩ ነዋ! እዚህ አሜሪካ የሰው ታክስ ስሠራ ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል 15 ይህችን ጥያቄ ስሰማ እከርማለሁ። ጠያቂው ይለያያል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፤ መልሴንም አብዛኛው ሰው የሚሰማው ቅር ብሎት ነው። አይአርኤስ ገንዘቡ የት እንደተቀመጠ አይጠይቅም። አክሲዮኑን የሸጣችሁበት ቀን ትርፋችሁ ወይም ኪሳራችሁ ተቆረጠ። ብሩ አፑ ውስጥ ቢያድር፣ በዚያው ደቂቃ ሌላ አክሲዮን ቢገዛ፣ ለውጥ የለውም። በተቃራኒው ሳይሸጥ ዋጋው ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳ እስኪሸጥ ድረስ የትርፍ ታክስ የለውም።

አምና የመጣ አንድ ሹፌር ደንበኛዬን ልንገራችሁ። ጃንዋሪ ላይ በ10,000 ዶላር አክሲዮን ገዛ። ኦገስት ላይ በ24,000 ሸጠው፤ ጎሽ፣ ጥሩ ሠራ። በዚያው ቀን ግን 24,000ውን እንዳለ ሌላ አክሲዮን ላይ አፈሰሰው። ሁለተኛው መውረድ ጀመረ። በዲሴምበር መጨረሻ 11,000 ደርሶ ነበር፤ «ይመለሳል» ብሎ ያዘው። ፌብሩዋሪ ላይ ተስፋ ቆርጦ በ9,000 ሸጠና በሳምንቱ ወረቀቱን ይዞ እኔ ጋ መጣ። በእሱ ሒሳብ 10,000 አስገብቶ 9,000 ቀርቶታል፤ ስለዚህ የከሰረ ሰው ነው።

በታክስ ሒሳብ ግን ነገሩ ሁለት ዓመት ላይ ተከፍሏል። በመጀመሪያው ዓመት 14,000 ዶላር አትርፏል። አክሲዮኑን የያዘው ከአንድ ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ስለሆነ ትርፉ እንደ ደሞዝ ነው የሚታየው። የእሱ ገቢ 22 በመቶው እርከን ላይ ስለነበር ለፌዴራል ብቻ 3,080 ዶላር መጣበት፤ የስቴቱ ለብቻው ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ቢይዘው ኖሮ እንደ እሱ ያለ ገቢ የሚከፍለው 15 በመቶ ነበር። የፌብሩዋሪው 15,000 ኪሳራ ደግሞ የአዲሱ ዓመት ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ትርፍ አያጣፋም።

የሚያናድደው ይኼ ነው፦ ዲሴምበር ላይ በ11,000 ሸጦት ቢሆን የ13,000 ኪሳራው ከ14,000 ትርፉ ላይ ተቀንሶ ታክስ የሚታሰብበት 1,000 ዶላር ብቻ ይቀረው ነበር። 220 ዶላር ከፍሎ ይገላገል ነበር። ለዚህ ነው ደንበኞቼን ታንክስጊቪንግ ሲያልፍ ሂሳባችሁን ክፈቱና ዘንድሮ የሸጣችሁትን ደምሩ እያልኩ የምጨቀጭቃቸው። ኤፕሪል ላይ እኔ የምችለው መጻፍ ብቻ ነው።

«ኪሳራዬን በሙሉ ከደሞዜ ላይ ቀንስልኝ» የሚሉም አሉ። ኪሳራ መጀመሪያ የሚቀነሰው ከሽያጭ ትርፍ ላይ ነው። የተረፈው ከደሞዝና ከሌላ ገቢ ላይ በዓመት እስከ 3,000 ዶላር ብቻ ይቀነሳል፤ ሌላው ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። የሹፌሩ 15,000 ሌላ ትርፍ ካላገኘ አምስት ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው። ታክስ ሠሪ ስትቀይሩ ያለፈውን ዓመት ወረቀት፣ በተለይ ስኬጁል ዲ የሚባለውን፣ ይዛችሁ ሂዱ። አዲሱ ሰውዬ የተላለፈውን ኪሳራ የሚያየው እዚያ ላይ ነው፤ ካላሳያችሁት ቀልጦ ይቀራል።

«ለታክስ ብዬ ሸጬ በማግስቱ መልሼ እገዛዋለሁ» ማለትም አይሠራም። ከሽያጩ በፊት ወይም በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ያንኑ አክሲዮን ከገዛችሁ ዋሽ ሴል ይባላል። ኪሳራው ያኔ አይያዝላችሁም፤ በአዲሱ አክሲዮን የግዢ ዋጋ ላይ ይደመርና እሱን ስትሸጡ ይታሰብላችኋል። አክሲዮኑን የሚያገበያያችሁ ብሮከር የሚከታተለው በዚያው አካውንት ውስጥ ያለውን ነው፤ በሌላ አፕ ወይም በባለቤታችሁ ስም የተገዛውን መከታተል የእናንተ ሥራ ነው። መልሳችሁ የገዛችሁት በጡረታ አካውንታችሁ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ኪሳራው ለዘለዓለም ጠፋ።

«ዲቪደንዱ ራሱ መልሶ አክሲዮን ገዛ እንጂ እጄ አልገባም።» ገብቷል፤ የዚያ ዓመት ገቢ ነው። እንደ ግዢም ስለሚቆጠር መዝግቡት፤ አለዚያ ስትሸጡ በዚያው ገንዘብ ሁለተኛ ታክስ ትከፍላላችሁ።

«ከብሮከሩ ወረቀት ካልመጣልኝ ታክስ የለም።» ታክሱማ አለ።

የወረቀቱን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህታችን ከአይአርኤስ የመጣ ደብዳቤ ይዛ እያለቀሰች መጣች። ሲፒ 2000 የሚባለው ነው። በ18,000 ዶላር ክሪፕቶ ሸጣለች፤ ትርፉ ትንሽ ነው ብላ ታክሷ ላይ ጨርሶ አልጻፈችውም። መገበያያው ለአይአርኤስ ያሳወቀው የተሸጠበትን 18,000 ብቻ ነበር። የተገዛበት ዋጋ ስላልታወቀ ዜሮ ተብሎ ተያዘና 18,000ው እንዳለ ትርፍ ተባለ።

መገበያያው የግዢውን ዋጋ ከየት ያምጣው? እሷ የገዛችው ሌላ ቦታ ነው፤ ከዚያ ስልኳ ላይ ወዳለው ዋሌት አዛወረችው፤ ከዋሌቱ ደግሞ ወደሸጠችበት። የመጀመሪያው ቦታ ደግሞ ተዘግቷል። «ስክሪንሾት አለኝ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ስክሪንሾቱ ላይ ያለው የዚያን ቀን ዋጋ ነው፤ ስንት ገዛች፣ መቼ፣ በስንት፣ ምንም የለም።

ያወጣን የባንክ ስቴትመንቷና የድሮ ኢሜይሏ ነው። ከባንኳ የወጡ ሰባት ክፍያዎች አገኘን፤ ለእያንዳንዱ ኢሜይሏ ውስጥ ቀኑንና መጠኑን የያዘ ደረሰኝ ነበር። ኮሚሽኑ ጭምር ሲደመር 16,500 ዶላር ሆነ። የዋሌቱ ዝውውር የሳንቲሙ መጠን ከተገዛው ጋር አንድ መሆኑን አሳየልን። ፎርም 8949 ላይ ግዢውን በየተገዛበት ቀን ዘርዝረን፣ ማስረጃውን አባሪ አድርገን፣ ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው የመልስ ቀን በፊት ላክን። ሲፒ 2000 የማስተካከያ ሐሳብ እንጂ የመጨረሻ ሒሳብ ስላልሆነ በማስረጃ ይቀየራል። ትርፏ 1,500 ተብሎ ተስተካከለ። ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብናል።

ከ2025 ሽያጭ ጀምሮ የክሪፕቶ መገበያያዎች 1099-ዲኤ የሚባል ቅጽ ለአይአርኤስ ይልካሉ። በ2025ቱ ቅጽ ላይ የሽያጩን ገንዘብ እንጂ የግዢውን ዋጋ የማሳወቅ ግዴታ የለባቸውም። እንደ እህታችን ሌላ ቦታ ገዝታችሁ ያዛወራችሁ ከሆነ ዋጋውን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

እሷ አሁን አንድ ኤክሴል ፋይል አላት። ለእያንዳንዱ ግዢ አንድ መስመር፦ ቀን፣ መጠን፣ ከነኮሚሽኑ የከፈለችው፣ ያዛወረችው ከሆነ ከየት ወደየት። በየወሩ መጨረሻ ከአፑ የግብይት ዝርዝሩን ዳውንሎድ አድርጋ ለራሷ ኢሜይል ታደርገዋለች። የሸጠችውን መዝገብ ደግሞ ሽያጩን ያሳወቀችበት ታክስ ከገባ በኋላ ቢያንስ ሦስት ዓመት ታቆየዋለች። ዘንድሮ ስትመጣ ታክሷን ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩት።