በስንፈተ ወሲብ ሐኪም ጋ ስትገባ ምን ትጠየቃለህ?

ካርድ ስታወጣ ምክንያቱን መዘርዘር የለብህም። ሐኪሙ ጋ ከገባህ በኋላ ግን ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ፤ «ብልቴ አልቆም እያለ ተቸግሬያለሁ» በል። «ወገቤን ያመኛል» ካልክ የወገብ መድኃኒት ይዘህ ትወጣለህ።

ብዙዎች የሚደነግጡበት ጥያቄ «ጠዋት ስትነቃስ ይቆማል?» የሚለው ነው። ቀልድ አይደለም። እንደ ድሮው ከቆመ ነርቩና ደም ስሩ ባብዛኛው ደህና ናቸው ማለት ነው፣ ስለዚህ ሐኪሙ ስለ ጭንቀትና ስለ ቤትህ ኑሮ መጠየቅ ይጀምራል።

ከቡሬ ደብረ ማርቆስ ድረስ የመጣ የ50 ዓመት ሰው እንውሰድ። ችግሩ ቀስ በቀስ ነው የመጣው፣ የጠዋቱም ቀርቷል፣ ሌሊት ደግሞ ለሽንት ይነሳል። ሐኪሙ ግፊቱን ይለካል፣ ብልቱንና ፍሬውን ያያል (ያፍራል እንጂ አያምም)፣ ከዚያ በባዶ ሆድ የስኳር ምርመራ ያዝለታል። ውጤቱ 180 መጣ እንበል። 126ና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከጸና የስኳር በሽታ ነው፤ ስኳር ደግሞ ነርቭንና ደም ስርን ስለሚጎዳ ምክንያቱ እዚያው ሊሆን ይችላል። ኮሌስትሮልም ሊታይ ይችላል። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ምርመራ ከታዘዘ ደሙ በጠዋት ይቀዳል፣ እየዋለ ሲሄድ መጠኑ ይወርዳልና።

የምትውጠውን ኪኒን ሁሉ ይዘህ ሂድ፤ አንዳንድ የግፊትና የድብርት መድኃኒት ራሱ ያመጣዋል። አረቄውንም አትደብቅ። የደረት ሕመም ካለብህ ደግሞ ሳትጠየቅ ተናገር፦ ለዚህ ችግር የሚታዘዘው ቪያግራ ናይትሬት ከሚባለው የልብ መድኃኒት ጋር ከተወሰደ የደም ግፊትን ለሞት በሚያሰጋ ደረጃ ያወርዳል።